ፊቱ የተጣመመ ሁሉ «ንፋስ የመታው» አይደለም፤ የአንጎል ግንድ ስንፈትሽ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጎንደር ላይ ሰው ጠዋት ሲነሳ ፊቱ ከተጣመመ ቤተሰቡ «ንፋስ መታው» ብሎ ነው የሚያመጣው። ቤተሰብ እንዲህ ቢል ምንም አይደል። ችግሩ እኛም ካርዱ ላይ ያንኑ በሌላ ስም ጽፈን መላካችን ነው፤ «ቤልስ ፓልሲ» ብለን።

ለዚህ ጽሑፍ አንድ በሽተኛ እንፍጠር። ከደንቢያ የመጡ የ62 ዓመት ገበሬ ናቸው፣ ደም ግፊት አለባቸው፣ መድኃኒቱን ካቆሙ ሰንብተዋል። ጠዋት ሲነሱ ግራ ፊታቸው ወድቋል፣ አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ይታያቸዋል፣ ቀኝ እጅና እግራቸው ዝሏል። ጉዳቱ የት ነው? ሲቲ ስካን ከመታዘዙ በፊት በእጅና በባትሪ መብራት ይደረስበታል፤ እነዚህን ስህተቶች ካልሠራን።

ግንባሩን ሳያዩ «የፊት ነርቭ» ብሎ መጻፍ

«አባባ፣ ጥርስዎን ያሳዩኝ» ብሎ ማቆም የተለመደ ነው። አፍ ብቻ ግን ምንም አይነግርም። «ቅንድብዎን ወደ ላይ ያንሱ፣ አሁን ደግሞ ዓይንዎን አጥብቀው ይጨፍኑ» ማለት ያስፈልጋል።

የግንባር ጡንቻ ከሁለቱም የአንጎል ጎኖች ትእዛዝ ይቀበላል። ስለዚህ ጉዳቱ ከላይ፣ ማለትም ከፊት ነርቭ ኒውክሊየስ በላይ ከሆነ፣ አፍ ይጣመማል እንጂ ግንባር በአብዛኛው ይተርፋል። ኒውክሊየሱ ራሱ ወይም ከእሱ የሚወጣው ነርቭ ከተጎዳ ግን ግንባሩም፣ ዓይኑም፣ አፉም አብረው ይሄዳሉ። የእኛ አባባ የግራ ግንባራቸው አይሸበሸብም፣ ግራ ዓይናቸውም በደንብ አይከደንም። (በዕድሜ የገፋ ሰው ግንባሩ ድሮም የተሸበሸበ ነው፤ ዝም ብሎ ማየት ያሳስታል፣ ሲያንቀሳቅሱት ነው የሚታየው።) ሊጨፍኑ ሲሞክሩ የዓይን ኳሳቸው ወደ ላይ ሲሸሽ ደግሞ አትደንግጡ፣ ጤነኛ ሰውም ላይ አለ፤ ዓይኑ ስላልተከደነ ብቻ ነው የታየው።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገር። ፊታቸው የወደቀው በግራ ነው፣ እጅና እግራቸው የዛለው በቀኝ። ከአንጎል ወደ እጅና እግር የሚወርደው መንገድ የሚሻገረው ሜዱላ መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ ግንዱ ውስጥ የደረሰ ጉዳት የነርቩን ምልክት በራሱ ጎን፣ የእጅና የእግሩን በተቃራኒው ጎን ያሳያል። ፊትና አካል ከተጣረሱ ግንዱን ጠርጥሩ። ግራ ፊት ከግራ እጅ ጋር ቢሄድ፣ ግንባሩም ቢተርፍ ኖሮ፣ ከፍ ብለን የቀኙን አንጎል ነበር የምናየው።

ስድስተኛውን ነርቭ በአንድ ዓይን ብቻ መፍረድ

አባባ ወደ ግራ ሲያዩ ግራ ዓይናቸው ወደ ውጭ አይወጣም። «ስድስተኛው ነርቭ» ተብሎ ይጻፍና ይታለፋል። አይበቃም! በዚያው ቅጽበት ቀኝ ዓይናቸው ምን እያደረገ ነው?

ስድስተኛው ኒውክሊየስ የራሱን ጎን ዓይን ብቻ አይደለም የሚያዝዘው፤ ሌላኛውም ዓይን ወደዚያው ጎን እንዲዞር መልእክት ይልካል። ስለዚህ ኒውክሊየሱ ከተመታ ሁለቱም ዓይኖች ወደዚያ ጎን አይሄዱም። ከኒውክሊየሱ ወጥቶ የሚሄደው ነርቭ ብቻ ከተመታ ግን የሚቀረው አንዱ ዓይን ነው። የአባባ ቀኝ ዓይን ወደ አፍንጫቸው በደንብ ይመጣል። ስለዚህ ኒውክሊየሱ ተርፏል፣ የተጎዳው ወደ ፊት የሚያልፈው ነርቭ ነው።

አሁን አንድ ላይ እናድርገው። ስድስተኛውና ሰባተኛው ነርቮች ከታችኛው ፖንስ ይወጣሉ፤ ወደ እጅና እግር የሚወርደው መንገድ ደግሞ ፖንስ ውስጥ ከፊት በኩል ነው የሚያልፈው። ሦስቱን አንድ ቦታ ሊያገኛቸው የሚችለው በታችኛው ፖንስ ግራ ጎን፣ ከፊት በኩል ያለ ጉዳት ነው። መጽሐፍ ላይ ሚላርድ-ጉብለር ይሉታል። ስሙን ብትረሱት አትጎዱም፣ ቦታውን አትርሱ።

ዓይኖቹ ሁለቱም ወደ አንድ ጎን ተጎትተው ለሚቀሩ በሽተኛ ደግሞ ሌላ ነገር ልብ በሉ። በስትሮክ የላይኛው አንጎል ሲጎዳ ዓይኖች ብዙ ጊዜ የተጎዳውን አንጎል ያያሉ፣ ከዛለው እጅ ይሸሻሉ። ፖንስ ሲጎዳ ግን ወደዛለው እጅ ያያሉ።

ሌላም ወጥመድ አለ። ስድስተኛው ነርቭ ጭንቅላት ውስጥ ግፊት ሲጨምርም ይሰንፋል፣ ያኔ ፖንስ ምንም አልሆነም። ራስ ምታት፣ ማስታወክ፣ ትኩሳት፣ የአንገት መገተር ካለ፣ በተለይ በሁለቱም ዓይን ከሆነ፣ የቲቢ ማጅራት ገትርን ሳታስቡ አትለፉ። ቲቢው ከአንጎል ሥር ተቀምጦ ብዙ ነርቮችን አንድ በአንድ ሊይዝ ይችላል። የእጅና የእግር ድክመት ሳይኖር ነርቭ በነርቭ ላይ ከተደራረበ፣ ጉዳቱ ከግንዱ ውጭ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ነው።

ቁጥሩን እንደ ፎቅ መቁጠር

ሦስትና አራት ሚድብሬን፣ ከአምስት እስከ ስምንት ፖንስ፣ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ሜዱላ። ጥሩ ነው፣ እኔም በዚሁ ነው የምጀምረው። አምስተኛው ላይ ግን ያታልላል። የፊትን ሕመምና ሙቀት የሚቀበለው ክፍሉ ከፖንስ ጀምሮ ሜዱላን አልፎ እስከ አንገት ድረስ ይወርዳል። ስለዚህ ግራ ፊት የመርፌ ጫፍ አልሰማ ስላለ ብቻ «ፖንስ» አይባልም።

ሌላ በሽተኛ እንውሰድ፣ ከአዘዞ የመጣች ሴት። ድንገት አዞራት፣ ድምጿ ሻክሯል፣ ውሃ ስትጠጣ ትን ይላታል። ግራ ፊቷና ቀኝ አካሏ ሕመም አይለዩም። «አ» በይ ስትባል እንጥሏ ወደ ቀኝ ይሳባል። እንጥል ወደ ጤነኛው ጎን ነው የሚሄደው፤ ምላስ ግን ነርቩ ሲጎዳ ወደታመመው ጎን ያጋድላል፣ እነዚህ ሁለቱ ሁሌ ይምታታሉ። የሷ ጉዳት ግራ ሜዱላ ነው፣ በጎን በኩል። እጅና እግሯ አልዛለም፣ ምክንያቱም የጉልበቱ መንገድ በመሃል በኩል ነው የሚያልፈው። መዋጧ ሳይረጋገጥ አጥሚትም ሆነ ክኒን በአፏ አይሰጣት።

እሷ ላይ የግራ ዓይን ብሌን ጠቦ፣ ቆቡም ትንሽ ወርዶ ይገኛል፤ ሆርነር ማለት ነው። ብዙዎቻችን በጠራራ ብርሃን ስለምናይ ያመልጠናል። በብርሃን ሁለቱም ብሌኖች ይጠባሉና ልዩነቱ ይጠፋል። መጋረጃውን ዝጉና እዩ፤ መብራት ሲጠፋ እንኳ ለአንድ ነገር ይጠቅማል።

ሲቲው ንጹህ ነው ብሎ መላክ

የአንጎል ግንድ ወፍራም አጥንት መሃል ነው ያለው። አጥንቱ በሲቲ ላይ ጥላ ያጠላበታል፣ የደም ዝውውር መቋረጥ ያመጣው ስትሮክ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጭራሽ ላይታይ ይችላል። ሲቲ ደም መፍሰሱን ለመለየት ይጠቅማል። ግንዱ ውስጥ ስትሮክ የለም ለማለት ግን አይበቃም፣ ለዚያ ኤምአርአይ ይሻላል።

የመመርመሪያ ወረቀቱ ላይ «ስትሮክ?» ብቻ ከመጻፍ «ታችኛው ፖንስ፣ ግራ፣ ከፊት በኩል» ብላችሁ ጻፉ፣ ፊልሙን የሚያነበው ሰው የት እንደሚያተኩር ያውቃል። አባባንም ማታ ተመልሳችሁ እዩዋቸው። የግራው እጅም መዛል ከጀመረ፣ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካላቸው፣ ዋናው የግንዱ ደም ሥር እየተዘጋ ሊሆን ስለሚችል ሲኒየር ሐኪሙ እስኪነጋ አይጠበቅም፣ በዚያው ሌሊት ይጠራ።