በእጅ የተሞላ የቆጠራ ቅጽ፦ ድምሩ ሲያብጥና ቁጥሩ ሲያጠራጥር

ምልክት፦ የአንድ ዕቃ ዋጋ ከሌሎቹ ጎልቶ ይወጣል

በአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር የሰኔ 30 ቆጠራ ቅጽ ላይ «የግድግዳ ቀለም፣ 38» ተብሎ ተጽፏል፤ የመለኪያው ዓምድ ግን ባዶ ነው። ዋጋ የሚሞላው ሠራተኛ የግዢ ደረሰኙን አይቶ የአንዱን ዋጋ 4,600 ብር አደረገና 174,800 ብር አወጣ። ለመደርደሪያ ጥግ ቀለም ይህ ብዙ ነው።

ምክንያቱ ሁለት ስህተት ነው። ቆጣሪው የቆጠረው ቆርቆሮ ሲሆን ደረሰኙ የሚናገረው ስለ ካርቶን ነው፤ አንዱ ካርቶን 4 ቆርቆሮ ይይዛል። በዚያ ላይ 4,600 ብሩ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ አለበት። መደብሩ ለታክሱ የተመዘገበ ስለሆነ በግዢ የከፈለውን ከሚሰበስበው ላይ ያቀናንሳል፤ ስለዚህ ታክሱ የዕቃው ዋጋ አካል አይደለም።

መፍትሄው ዋጋውን ወደ ተቆጠረው መለኪያ ማውረድ ነው። 4,600 ለ1.15 ሲካፈል 4,000፣ ለ4 ሲካፈል ደግሞ 1,000 ብር ይሆናል። 38 ቆርቆሮ 38,000 ብር ነው። የተረፈው 136,800 ብር ሳይታረም ቢያልፍ የተሸጠውን ዕቃ ወጪ አሳንሶ የሌለ ትርፍ ያሳይ ነበር፤ ግብሩም በዚያው ልክ ይከፈልበታል።

መለኪያው ቆርቆሮ መሆኑን ያረጋገጠልን ቢን ካርዱ፣ ማለትም የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ካርድ፣ ነው። 15 ካርቶን በገባበት ቀን «60» ተመዝግቧል።

ምልክት፦ የቧንቧው ቁጥር 11 ይሁን 17 አይለይም

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ተሳስቻለሁ። ቢን ካርዱ 17 ቧንቧ ስለሚል ቁጥሩን 17 ብሎ ያነባል። ካርዱ መለኪያን ይነግረናል እንጂ ብዛትን ሊወስንልን አይችልም፤ ቆጠራው የተደረገው ካርዱን ራሱን ለመፈተን ነውና።

መፍትሄው ወደ መደርደሪያው ተመልሶ መቁጠርና ወደ ኋላ ማስላት ነው። ሐምሌ 4 ስንቆጥር 23 ቧንቧ አገኘን። ከሰኔ 30 በኋላ 20 ገብቷል፣ 8 ወጥቷል። ከ23 የገባውን 20 ቀንሰን የወጣውን 8 ስንደምር 11 ይመጣል። በ900 ብር ሒሳብ 9,900 ብር ይያዛል፤ የጎደሉት 6 ቧንቧዎች፣ ማለትም 5,400 ብር፣ በጉድለት ተመዝግበው መጣራት አለባቸው።

ቅጹ ሲታረም አሮጌው ቁጥር እንዲነበብ በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ አዲሱ ከላዩ ይጻፋል፣ ቆጣሪውና የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው ይፈርሙበታል። በላዩ ላይ ደጋግሞ መጻፍ ኦዲተርን ከማስቆጣት በቀር ጥቅም የለውም።

ምልክት፦ በዳር በኩል «3 የተጎዳ» የሚል ማስታወሻ አለ

ዋጋ የሚሞላው ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ይዘለዋል። ከ38ቱ ቀለሞች 3ቱ የመሸጫ ወጪ ተቀንሶ እያንዳንዳቸው 700 ብር ብቻ የሚያስገኙ ከሆነ በ1,000 ሳይሆን በ700 ይያዛሉ። የቀለሙ ዋጋ 37,100 ብር ይሆናል።