ከመቶ ቃል በታች የሚጻፍ መግቢያ፦ ተማሪዎቼ የሚሳሳቷቸው ነገሮች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ። በየሴሚስተሩ ስለ አንድ ልብ ወለድ አምስት ገጽ ትንታኔ አስጽፋለሁ። መግቢያው ከመቶ ቃል መብለጥ የለበትም። ተማሪዎቹ በዚህ ሕግ ያጉረመርማሉ። እኔ ግን አልለቅም። አማርኛ በአንድ ቃል ብዙ ይሸከማል። ‹ስላልነገራቸው› አንድ ቃል ናት፤ አድራጊውን፣ ተደራጊውን፣ አሉታውንና ምክንያቱን ይዛለች። በእንዲህ ዓይነት ቋንቋ መቶ ቃል ሰፊ ነው።

በዚያ ውስጥ ሦስት ነገር ይገባል። ዳራው፣ ማለትም ሙግቱን ለመረዳት አንባቢው አስቀድሞ ማወቅ ያለበት። ድርሰቱ፣ ማለትም የቱን ሥራ፣ ከሥራውስ የቱን ክፍል እንደያዝን። ከዚያ ሙግቱ። ባለፈው ሴሚስተር አንዲት ተማሪዬ ስለ ‹ፍቅር እስከ መቃብር› የጻፈችው የመጀመሪያ ረቂቅ መግቢያ ብቻውን 214 ቃል ነበር። እሷ ላይ ያየኋቸውን ስህተቶች ብዙዎቹ ይሠሯቸዋል። ስለዚህ በእሷ ረቂቅ ልሂድ።

ከሩቅ መነሳት

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገሯ ‹ሥነ ጽሑፍ የአንድ ማኅበረሰብ መስታወት እንደመሆኑ መጠን› ብሎ ይጀምራል። ሁለተኛው ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ ረጅም ታሪክ ያወራል። ሦስተኛው ስለ ልብ ወለድ አጀማመር። ልጅቷ የያዘችው ርእስ የጉዱ ካሳ ንግግር ነው። ጉዱ ካሳ የመጣው 90ኛው ቃል ላይ ነው።

እንዲህ ዓይነቱን በቀላሉ መለየት ይቻላል። ርእሱን በእጅ ሸፍኖ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ማንበብ ነው። ስለ ሌላ መጽሐፍ የተጻፈ ጽሑፍ በዚያው ዓረፍተ ነገር ሊጀምር ከቻለ፣ ይውጣ። ሦስቱንም ሰረዝናቸው። የጎደለ ነገር አልነበረም።

የደራሲውን የሕይወት ታሪክ ዳራ ማድረግ

ቀጥሎ ሐዲስ ዓለማየሁ ጎጃም ውስጥ እንደተወለዱ፣ የቤተ ክህነት ትምህርት እንደተማሩ፣ በጣልያን ጦርነት ዘምተው እንደተማረኩ፣ አምባሳደርና ሚኒስትር እንደነበሩ ጽፋለች። ሁሉም እውነት ነው። እኛ ጎጃሞች ደግሞ ስለ እሳቸው ማውራት አይሰለቸንም። እኔም ክፍል ውስጥ ይህን ሳወራ ሰዓት ያልፍብኛል።

መግቢያ ላይ ግን እያንዳንዱን መረጃ ‹ይህ ባይኖር ሙግቴ ይጎድላል?› ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። አምባሳደርነታቸው ስለ ጉዱ ካሳ የሚነግረን ነገር የለም። የቤተ ክህነት ትምህርታቸው ስለ ቋንቋው ለሚጽፍ ተማሪ ይጠቅም ይሆናል፤ ለእሷ አይጠቅምም። ከዚህ አንቀጽ የተረፈው ስማቸው ብቻ ነው።

የተጻፈበትን ዘመንና ታሪኩ የሚፈጸምበትን ዘመን መቀላቀል

ይህ ከሁሉ የባሰው ነው፤ አዋቂ የሚመስለው ተማሪም ይወድቅበታል። እሷ እንዲህ ብላ ነበር፦ ‹ልብ ወለዱ ተማሪዎች መሬት ለአራሹ ብለው በተሰለፉበት ዘመን የነበረውን የጎጃም ጭሰኛ ኑሮ ያሳያል።›

ተማሪዎቹ አዲስ አበባ ላይ ‹መሬት ለአራሹ› ብለው የወጡት በ1957 ዓ.ም. ነው። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። እስከዚህ ልክ ናት። ታሪኩ የሚፈጸመው ግን ከጣልያን ወረራ በፊት ነው። በመካከሉ አንድ ጦርነትና ከሃያ ዓመት በላይ አለ።

‹ጭሰኛ› የሚለውም ቃል ችግር አለበት። ጎጃም በአብዛኛው የርስት አገር ነበር። ገበሬው መሬቱን ከአባት ከአያቱ ቆጥሮ ይይዛል፤ ባለጉልቱ ግብር ይቀበለዋል፣ ያዘዋል፣ ይዳኘዋል። መሬት የሌለው ጭሰኛ ይበልጥ የተስፋፋው በደቡብ ነው። በመጽሐፉም ገበሬዎቹ ከፊታውራሪ መሸሻ ጋር የተጣሉት ከልማድ ውጪ ተጨማሪ ሲጠየቁ ነው። ይህን ስነግራት ‹መምህር፣ ታዲያ መፈክሩን ላውጣው?› አለችኝ። ‹አንቺ የምትሟገቺው ስለ መሬት ነው ወይስ ስለ ንግግር?› አልኳት። ስለ ንግግር ነበር።

እንግዲያው ዳራው ከንግግር ጋር የሚያያዝ መሆን አለበት። መጽሐፉ ሲወጣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሳንሱር ነበረው። ታሪኩ ውስጥ ደግሞ ባላባትን ፊት ለፊት መንቀፍ ያስቀጣል። ሁለቱ ዘመኖች በአንድ ጥያቄ ይገናኛሉ፤ ሰው እውነትን እንዴት አድርጎ ይናገራል? በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ዘመኖቹ ሳይደባለቁ፣ ይህን መናገር ይቻላል።

ታሪኩን መተረክ

በዛብህ ከማንኩሳ መጥቶ፣ የሰብለ ወንጌል አስተማሪ ሆኖ፣ ተዋድደው፣ እስከ መጨረሻው ድረስ 60 ቃል ፈጅቶባታል። የትንታኔ አንባቢ መጽሐፉን ያነበበ ሰው ነው። ለእሱ የሚበቃው ርእሱ፣ ደራሲው፣ የታተመበት ዓመትና የተያዘው ገጸ ባሕርይ ወይም ክፍል ነው። እሷ የያዘችው ካሳ ዳምጤን ነው። የሥርዓቱን ጉድለት በግልጽ ይናገራል፤ በዚህም ሰዉ ‹ጉዱ› ይለዋል። ሌላው በጽሑፉ ገላ ውስጥ በየቦታው ይመጣል።

ርእስን እንደ ሙግት ማቅረብ

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገሯ ‹በዚህ ጽሑፍ የጉዱ ካሳ ገጸ ባሕርይ ከማኅበረሰባዊ ሂስ አንጻር ይተነተናል› የሚል ነበር። ከአሥር ወረቀት ሰባቱ እንዲህ ይላል። ይህ ዓረፍተ ነገር ምን እንደምትሠራ ይናገራል እንጂ ምን እንዳገኘች አይናገርም።

እኔ የምጠቀምበት መፈተኛ አንድ ነው። መጽሐፉን በደንብ ያነበበ ሰው ‹አይ፣ እንዲያ አይደለም› ሊላት ይችላል? ‹ይተነተናል› ለሚለው ማንም አይከራከርም። ‹ጉዱ ካሳ ሥርዓቱን ይተቻል› ብትልም አይከራከርም፤ መጽሐፉን የከፈተ ሁሉ ያውቀዋል።

ቁጭ ብለን አወራን። ‹ሰዎቹ ለምን ዝም ብለው ያልፉታል?› አልኳት። ‹እብድ ነው ስለሚሉት› አለች። ‹እንግዲያስ ስሙ ጠቀመው ወይስ ጎዳው?› ትንሽ አሰበች። ‹ሁለቱንም› አለች። ሙግቷ ያን ጊዜ መጣ። ስሙ ከቅጣት ይከልለዋል፤ ንግግሩን ግን ከንቱ ያደርግበታል። ለዚህ ‹አይደለም› የሚል ሰው አለ። ‹ካሳ የሚታለፈው የእነሰብለ ዘመድ ስለሆነ ነው እንጂ በስሙ ምክንያት አይደለም› ሊል ይችላል። ደህና ተቃውሞ ነው። ልጅቷም ለእሱ መልስ የሚሆን አንድ ሙሉ አንቀጽ አገኘች።

ሙግቱን ከልክ በላይ መለጠጥ

ደስ ስላላት ሁለተኛውን ረቂቅ ‹ስለዚህ እውነቱን ማንም አይሰማውም› ብላ ዘጋችው። መግቢያ አጭር ሲሆን ‹ማንም›፣ ‹ሁሉም›፣ ‹ምንጊዜም› የሚሉ ቃላት ይፈትናሉ፤ ቦታ ይቆጥባሉ፣ ኃይል ያላቸውም ይመስላሉ። ግን በዛብህ ይሰማዋል። ሰብለም ትሰማዋለች። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስትደርስ ይህን ራሷ ጽፋዋለች፤ መግቢያዋና ገላው ተጣሉ።

ስህተቱ የመጣው መግቢያውን አንዴ ጽፎ ከመተው ነው። ገላው ሲያልቅ ተመልሶ የመግቢያውን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ከመደምደሚያው አንቀጽ ጎን አስቀምጦ ማንበብ ያስፈልጋል። ሁለቱ የተለያየ ነገር ካሉ ብዙ ጊዜ ልክ የሚሆነው መደምደሚያው ነው፤ ጸሐፊው እዚያ ሲደርስ ስለ ጉዳዩ የተሻለ ያውቃል። እሷም ‹ማንም› የሚለውን አውጥታ፣ እነማን እንደሚሰሙት ጻፈች። ሙግቷ ጠበበ፤ ግን ከቀድሞው ይልቅ ክብደት አገኘ። የሚሰሙት ሰዎች ምንም መለወጥ አይችሉምና።

‹ማለት ይቻላል› ማብዛት

ይህኛው ትንሽ ነው። ‹እንደሚታወቀው›፣ ‹ነው ማለት ይቻላል›፣ ‹ከዚህ አንጻር ስንመለከተው›፣ ‹የሚለውን ለማየት ተሞክሯል›። ከረቂቋ እነዚህን ብቻ ለቅመን 19 ቃል ወጣ።

ሦስተኛው ረቂቅ ይኸውላችሁ፦

‹ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት መጻሕፍት በሳንሱር በሚያልፉበት ዘመን ነው። ታሪኩ በአብዛኛው የሚፈጸመውም ከጣልያን ወረራ በፊት በነበረው ጎጃም፣ ባላባትን ፊት ለፊት መንቀፍ በሚያስቀጣበት ዓለም ነው። በዚያ ዓለም የሥርዓቱን ጉድለት በግልጽ የሚናገረው ካሳ ዳምጤ «ጉዱ» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለታል። ይህ ስም ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ካሳን ከቅጣት ይከልለዋል፣ ነቀፌታውን ግን ባላባቶቹ እንደ እብድ ቃል እንዲያልፉት ያደርጋል። ስለዚህ እውነቱ የሚደርሰው እንደ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ላሉ፣ የመለወጥ ሥልጣን ለሌላቸው ሰዎች ነው።›

ቆጠርነው፤ 70 ቃል ነው። ዳራው 28፣ ድርሰቱና ገጸ ባሕርዩ 13፣ ሙግቱ 29። ይህ ክፍፍል ሕግ አይደለም። ነገር ግን ዳራው ከሙግቱ በብዙ ሲበልጥ ካየሁ ወረቀቱን መልሼ እሰጣለሁ። አያያዙንም ተመልከቱ። ‹በዚያ ዓለም› የሚለው ዳራውን ከካሳ ጋር ያስራል፤ ‹ይህ ስም› ደግሞ ካሳን ከሙግቱ ጋር። እነዚህ ሁለት ማሰሪያዎች ባይኖሩ አምስቱ ዓረፍተ ነገሮች ተራርቀው ይቆሙ ነበር።

እኔ በዚህ ረክቼ ነበር። እሷ ግን ‹እንደ እብድ ቃል› የሚለው ላይ ቆመች። ባላባቶቹ በእርግጥ እንደ እብድ የሚያልፉት በየትኞቹ ገጾች እንደሆነ ሳታይ ይህን መጻፍ አልፈለገችም። መጽሐፉን ይዛ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄደች።