የሥራ ጉዞን በአራት የእረፍት ቀን ማራዘም፦ ከኮምቦልቻ እስከ ሚላኖ

ኮምቦልቻ ያለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አዲስ የሽመና ማሽን ገዝቷል እንበል። ማሽኑ በመርከብ ከመላኩ በፊት ሲሠራ አይተው እንዲፈርሙ የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ጣሊያን፣ ቤርጋሞ አካባቢ ወዳለው አምራች ይላካሉ። ሥራው ከሰኞ እስከ ሐሙስ ነው። ኃላፊውም «እዚያ ድረስ ከሄድኩ አይቀር» ብለው አራት ቀን ማከል ፈለጉ። ይቻላል፤ ሕጉም አይከለክልም። ነገሩ የሚበላሸው ቀኖቹ በኋላ የተጨመሩ እንደሆነ ነው። ስለዚህ እረፍቱ ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጀምሮ መታየት አለበት።

ከዚህ በታች ያለው ይህን ጉዞ እንደ ምሳሌ ይዞ ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። ሥራው ከኦክቶበር 5 እስከ 8 ቀን 2026 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም 25 እስከ 28 ቀን 2019 ማለት ነው።

አንደኛ፦ ቀኖቹን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ

ቲኬቱ፣ ቪዛውና የሆቴሉ ማስያዣ በፈረንጅ ቀን ነው የሚጻፉት፤ የፈቃድ ቅጹና የሒሳብ ማወራረጃው ደግሞ በእኛ ቀን። በሁለቱ መካከል የአንድ ቀን መሳሳት እየተደጋገመ ሰው የሚያጉላላ ስህተት ነው። አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ያስፍሯቸው። ቅዳሜ ማታ ኦክቶበር 3 ከአዲስ አበባ መነሳት፣ እሑድ 4 ሚላኖ መግባት፣ ከሰኞ 5 እስከ ሐሙስ 8 ሥራ። ድርጅቱ ያሰበው መመለሻ ዓርብ ኦክቶበር 9 (መስከረም 29) ሲሆን አዲሱ መመለሻ ማክሰኞ ኦክቶበር 13 (ጥቅምት 3) ይሆናል። ረቡዕ ጥዋት አዲስ አበባ፣ ረቡዕ ማታ ኮምቦልቻ፣ ሐሙስ ጥቅምት 5 ሥራ።

አሁን ስንት ቀን የዓመት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ይቁጠሩ። የእረፍት ቀኖቹ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና ሰኞ ናቸው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የዓመት ፈቃድን የሚሰጠው በሥራ ቀን ነው፦ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይታከላል። ፋብሪካው በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠራ ከሆነ እሑድ አይቆጠርም፤ የሚቀነሰው ሦስት ቀን ብቻ ነው። ማክሰኞና ረቡዕ የመመለሻ ቀኖች ናቸው። ቀድሞ ለዓርብና ለቅዳሜ የታሰቡት ሁለት የጉዞ ቀኖች ወደዚያ ተዛወሩ እንጂ አልጨመሩም። ይህንን በቅጹ ላይ በግልጽ ካልጻፉ የሰው ኃይል ክፍል አምስት ቀን ሊቀንስብዎት ይችላል።

ሁለተኛ፦ ቲኬት ከመቆረጡ በፊት የወጪውን ድንበር ያስፈርሙ

የፋይናንስ ክፍሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ሠራተኛው ባያርፍ ኖሮ ድርጅቱ ስንት ያወጣ ነበር? ለዚህ መልስ የሚሆነው ማስረጃ የሚገኘው ቲኬቱ በሚቆረጥበት ዕለት ብቻ ነው፤ ዋጋ በየቀኑ ይለዋወጣልና ከሳምንት በኋላ ማረጋገጥ አይቻልም። ስለዚህ በዚያው ዕለት፣ በዚያው የቲኬት ቢሮ የሁለቱንም መመለሻ ዋጋ በጽሑፍ ይጠይቁ። በኦክቶበር 9 መመለስ 92,000 ብር፣ በ13 መመለስ 97,500 ብር ሆነ እንበል። ልዩነቱ 5,500 ብር የእርስዎ ነው፤ ቲኬቱ ሲቆረጥ ለድርጅቱ ይክፈሉና ደረሰኝ ይያዙ። የኋለኛው ቀን ቢረክስስ? ትርፉ የድርጅቱ ነው፤ «ሆቴሌን ይሸፍንልኝ» ማለት በፊርማ ካልተፈቀደ በስተቀር ኦዲተር ፊት አይቆምም።

ውሎ አበል ሐሙስ ኦክቶበር 8 ላይ ይቆማል፤ ለመመለሻው ጉዞ የሚሰጠው አበል ግን በድርጅቱ መመሪያ መሠረት አንድ ጊዜ ይታሰባል። በአራቱ ቀን የሚወጣ ምግብ፣ አልጋ፣ ታክሲና ባቡር የግል ነው። ሆቴሉ ላይ ብዙ ሰው ይስታል፦ እዚያው አልጋ ላይ ይቆያልና ሁሉም በአንድ ፋክቱር ይወጣል። ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ያለው ሌሊት የድርጅቱ ነው። ዓርብ ጥዋት ሒሳቡን ዘግተው በድርጅቱ ስም ፋክቱር ይቀበሉ፤ እዚያው ሆቴል ቢቀጥሉ እንኳ በራስዎ ስምና በራስዎ ገንዘብ አዲስ ማስያዣ ይሁን። የጣሊያን ሆቴሎች ከአልጋው ዋጋ ውጪ በሰውና በሌሊት የሚታሰብ የከተማ ግብር ይቀበላሉ፤ እሱም በሁለት ይከፈል።

ከሁሉም በላይ በፈቃድ ደብዳቤው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲገባ ያድርጉ፦ «ከመስከረም 29 እስከ ጥቅምት 2 ቀን 2019 ያለው ጊዜ የዓመት ፈቃድ ሲሆን ወጪው በሠራተኛው ይሸፈናል»። ይህ ዓረፍተ ነገር ሁለት ቦታ ያገለግላል፤ ፋይናንስ ዘንድና ቆንስላ ዘንድ። ጉዳቱም መታወቅ አለበት፦ በእነዚያ ቀኖች የሚደርስ አደጋ ከሥራ ጋር የተያያዘ ነው ለማለት እጅግ ያስቸግራል። ለዚያ የሚደርሰው የጉዞ ኢንሹራንሱ ነው።

ሦስተኛ፦ ቪዛው የሚጠየቀው ለአሥር ቀን ነው

የሸንገን ቪዛ ስቲከር ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ ሰው የሚወድቀው ሁለቱን አንድ አድርጎ ሲያይ ነው። አንደኛው «ከ… እስከ…» የሚለው መስኮት ነው፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ገብተው መውጣት ይችላሉ ይላል። ሁለተኛው በጣሊያንኛ «ዱራታ ዴል ሶጆርኖ» የሚለው፣ በጠቅላላው ስንት ቀን መቆየት እንደሚችሉ የሚገልጸው ቁጥር ነው። መስኮቱ ብዙ ጊዜ 15 ቀን ይረዝማል፤ ይህ ጉዞው ወደፊት ወይም ወደኋላ ቢገፋ እንዲያገለግል እንጂ እንዲቆዩበት የተሰጠ አይደለም። ስቲከሩ እስከ ኦክቶበር 24 ቢል፣ ቁጥሩ ግን 6 ከሆነ፣ እሑድ የገባ ሰው ዓርብ መውጣት አለበት።

6 የሚለው ቁጥር ከየት ይመጣል? ከአምራቹ የግብዣ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው «ከኦክቶበር 4 እስከ 9» ካለና እርስዎም ስለ እረፍቱ ዝም ካሉ፣ ቆንስላው የሚሰጠው ያንኑ ነው። የመግቢያውም የመውጫውም ቀን ይቆጠራል፦ ከ4 እስከ 13 አሥር ቀን ነው። ከ13 ላይ 4 ቀንሶ «ዘጠኝ» የሚል ሰው አንድ ቀን ይጎድለዋል። በዚያ ላይ የመመለሻው በረራ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሳ ከሆነ ያ ሌላ ቀን ነው፤ አሥራ አንድ ብለው ይጠይቁ። የቲኬቱን ሰዓት በሃያ አራት ሰዓት አቆጣጠር ያንብቡ፤ 00:30 በእኛ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ነው፣ በፈረንጁ ግን ቀኑ ተለውጧል።

ቅጹ ላይ የጉዞ ዓላማ የሚለው ከአንድ በላይ ምልክት ይቀበላል። ዋናው ሥራ ነው፤ ቱሪዝምንም ምልክት አድርገው ተጨማሪ ማብራሪያ በሚለው ቦታ ላይ በአጭሩ ይጻፉት። የግብዣ ደብዳቤውን፣ ያንን ዓረፍተ ነገር የያዘውን የድርጅት ደብዳቤ፣ የአራቱን ሌሊት የሆቴል ማስያዣና ለእነዚያ ቀኖች የሚበቃ የራስዎን የባንክ መግለጫ ያያይዙ። ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፣ እስከ ኦክቶበር 13 የሚዘልቅ መሆን አለበት። ድርጅቱ ለስድስት ቀን ገዝቶ ከሆነ ቀኑ እንዲራዘም አስደርገው ልዩነቱን ይክፈሉ። ሁለት የተቆራረጠ ኢንሹራንስ ግን አያቅርቡ።

ጊዜው ይበቃል ብለው አይዘናጉ። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 በኢትዮጵያውያን የቪዛ ማመልከቻ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ መደበኛው የመመርመሪያ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትም ቆሟል። ከኦክቶበር 3 ወደኋላ 45 ቀን ሲቆጠር ኦገስት 19፣ ማለትም ነሐሴ 13 ነው። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ስለሆነ ሐምሌ ውስጥ ይግባ። ባለፉት 59 ወራት ለሸንገን ቪዛ አሻራ ካልሰጡ ራስዎ አዲስ አበባ መቅረብ ስላለብዎት የመንገዱን ቀንም ያስቡ።

ቪዛው የአንድ ጊዜ መግቢያ ቢሆንም ኮሞ ሐይቅ ሄዶ ወደ ስዊዘርላንድ መሻገር ችግር የለውም፤ ስዊዘርላንድም ሸንገን ናት። ወደ ለንደን ብቅ ብሎ መመለስ ግን አይቻልም። እዚያ ሆኖ ቪዛ ማራዘም የሚፈቀደው ከአቅም በላይ ለሆነ ችግር፣ ለሰብዓዊ ጉዳይ ወይም ለከባድ የግል ምክንያት ነው፤ መዝናናት ከእነዚህ አንዱ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ በፓስፖርት ማኅተም ፋንታ አሻራና ፎቶ የሚይዝ ኤሌክትሮኒክ መዝገብ መሥራት ጀምሯል፤ ያለፈች አንዲት ቀን ሳትታይ አትቀርም።

አራተኛ፦ አራቱ ቀን

ዓርብ ከቤርጋሞ አይራቁ። ሥራው አንድ ቀን ሊገፋ ይችላል፤ ማሽን ፍተሻ ላይ እንከን ሲወጣበት ዓርብ መመለስ የተለመደ ነው። ቢገፋ የሚከስሩት የከተማዋን ላይኛ ክፍል፣ በገመድ በሚጎተት ባቡር የሚወጣበትን የድሮውን ሰፈር ብቻ ይሆናል። የተገፋው ቀን የሥራ ቀን ስለሆነ በኢሜይል ለድርጅቱ አሳውቀው ፈቃድዎን በአንድ ቀን ያስቀንሱ።

ቅዳሜ ኮሞ። ከሚላኖ በባቡር ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው፤ ለሽመና ሰው ደግሞ የከተማዋ የሐር ሙዚየም ከሐይቁ እኩል የሚያጓጓ ነው። የወረቀት የባቡር ቲኬት ከመሳፈር በፊት ጣቢያው ላይ ባለው ማሽን መመታት አለበት፤ ያልተመታ ቲኬት እንዳልተገዛ ተቆጥሮ ያስቀጣል። እሑድ ሚላኖ፦ የሊዮናርዶን «የመጨረሻው እራት» ማየት ለሚፈልግ መግቢያው አስቀድሞ መያዝ አለበት፣ የሚፈቀደውም 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ሰኞ ዝግ ስለሆነ ለሰኞ አያስቡት። ሰኞን ለሐይቅ ዳር፣ ለቫሬና ይተዉት፤ ከሚላኖ ዋና ጣቢያ አንድ ሰዓት ያህል ነው።

ሰኞ ማታ ሚላኖ ይደሩ፤ ማክሰኞ ከከተማ አይውጡ። በጣሊያን የባቡር ሠራተኞች አድማ ደጋግሞ ያጋጥማል፤ በሥራ ቀን ከ6 እስከ 9 እና ከ18 እስከ 21 ሰዓት ያሉ የተወሰኑ ባቡሮች እንዲሄዱ ዋስትና አላቸው። ወደ ማልፔንሳ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስደውን ባቡር ይህን አስበው ይምረጡ። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ ያለው በረራም በዚያው ቲኬት ላይ ቢሆን ይሻላል፤ የሚላኖው ዘግይቶ ቢያመልጥዎ ሌላ የመፈለግ ኃላፊነቱ የአየር መንገዱ ይሆናል። ለብቻው የተገዛ ከሆነ ግን ኪሳራው የራስዎ ነው፤ ያን ጊዜ ድርጅቱም «ባታርፉ ኖሮ አይደርስም ነበር» ማለቱ አይቀርም።

አምራቹ «ይህን መለዋወጫ በእጅዎ ይውሰዱልን» ካለ እምቢ ይበሉ፤ ወይም በኩሪየር ይላክ። አራት ቀን ሙሉ በግል ሻንጣ የሚዞር የድርጅት ዕቃ ቢጠፋ ተጠያቂው ማን እንደሆነ የሚያከራክር ነው፤ ቦሌ ጉምሩክ ላይም ሰነድ ይጠየቁበታል።

አምስተኛ፦ ሲመለሱ

ደረሰኞቹን በሁለት ፖስታ ለይተው ይመለሱ እንጂ ቤት ደርሰው ለመለየት አይሞክሩ። ለፋይናንስ የሚገባው የድርጅቱ ሆቴል ፋክቱር፣ የሁለቱ መመለሻ ዋጋ ጽሑፍ፣ የ5,500 ብሩ ደረሰኝና የፈቃድ ደብዳቤው ነው። የመሳፈሪያ ካርዱን ቅጂ ሰጥተው ዋናውን ያስቀሩ። ፓስፖርቱ ላይ ማኅተም የማይመታ ከሆነ፣ በጊዜዎ መውጣትዎን በእጅዎ የሚያሳይልዎት ያ ካርድ ነው፤ መዝገቡ ላይ መውጫዎ ሳይሞላ ቀርቶ ቢገኝ በሚቀጥለው ማመልከቻ የሚያቀርቡት እሱን ነው።