ጣት ላይ የቀረ የተንግስተን ቀለበት እንዴት እንደወጣ

የድሬዳዋ ሙቀት የወንድሜን ጣት አሳበጠውና የተንግስተን ቀለበቱ አልወጣ አለ። ሳሙና ቀባን፣ ክር ጠመጠምን፣ ወይ ፍንክች! ከዚራ ሰፈር አንድ ወርቅ ሰሪ ጋ ሄድን። ወርቅ የምትቆርጠው ትንሿ መጋዝ ግን ላዩ ላይ ተንሸራተተች፤ ጭረት እንኳን አልተወችም። ቁልፍም ሳንቲምም የማይጭረው በዚሁ ጥንካሬው ነው።

መፍትሄው መቁረጥ ሳይሆን መስበር ነበር። ተንግስተን ጠንካራ ቢሆንም አይታጠፍም፤ ሲጨነቅ ይሰነጠቃል። ከጋራዥ ነክሶ የሚቆለፍ ፒንሳ ተዋስን። ሁላችንም መነጽር አደረግን፣ ስብርባሪው እንዳይበተን እጁን በጨርቅ ሸፈንን። ፒንሳው ቀለበቱን ነካ ብቻ እንዲያደርግ አስተካክዬ ቆለፍኩት። ከዚያ ፈታሁት፣ ብሎኑን በጣም ትንሽ አጠበቅኩና እንደገና ቆለፍኩ። መጠምዘዝም መጎተትም የለም። እንዲህ እየደጋገምኩ ሳለ ቀጭ! አለ። ቦታ ቀይሬ ስነክሰው ተሰባብሮ ወደቀ። ጣቱ ላይ የቀረ ስባሪ አለመኖሩን አይተን በውሃ አጠብነው።

ሴራሚክም በዚሁ መንገድ ይሰበራል። ታይታኒየም ላይ ግን እንዳትሞክሩት! እሱ አይሰበርም፣ ተጣሞ ጣት ይጨፈልቃል። መቆረጥ አለበት፤ ከስር መከላከያ ገብቶ፣ ስለሚግል ውሃ እየተንጠባጠበበት። ጣቱ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ ደግሞ ቤት ውስጥ መታገል ይቅርና ቀጥታ ሆስፒታል ነው።

ወንድሜ «ወርቅ ሰሪው ትንሽ ቢያሰፋልኝስ ኖሮ?» አለ። ተንግስተንና ሴራሚክ አይለጠጡም፤ ቁጥሩ ልክ ካልሆነ ሌላ መግዛት ነው። ታይታኒየም ከውስጥ ተፍቆ ጥቂት ሊሰፋ ይችላል፣ ያውም ወፍራም ከሆነ።