ልጁ መሣሪያውን ለምን ተወው? ከእጅ መጠን የሚነሱ ችግሮችና መፍትሄያቸው

በጎንደር ልጁን የሙዚቃ ትምህርት ማስጀመር የሚፈልግ ወላጅ በአብዛኛው ጊታር፣ ኦርጋን፣ ክራር ወይም ዋሽንት ይገዛለታል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሚሰማው ቅሬታም ተመሳሳይ ነው፤ ልጁ መጀመሪያ በጉጉት ይዞት ነበር፣ አሁን ግን «ያመኛል» ወይም «አልደርስበትም» እያለ መሣሪያውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ወላጅ ይህን እንደ ስንፍና ቆጥሮ ከመገሠጹ በፊት የልጁን እጅ ቢለካ ይሻላል፤ እንዲህ ያለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ የሚመነጨው ለልጁ ክንድና ጣት ከሚበልጥ መሣሪያ ነውና። የተማሪ ቤት ልብስ «ሲያድግ ይሆነዋል» ተብሎ ሰፋ ተደርጎ ቢገዛ እጀታው ታጥፎ ይለበሳል፤ የጊታር አንገት ግን አይታጠፍም። ስለዚህ ከሁሉም በላይ ችግር የሚያስከትለውን ጊታርን አስቀድሜ በሰፊው እመለከታለሁ፣ ሌሎቹን ደግሞ ከዚያ በኋላ አነሳለሁ።

ጣቱ አይደርስም፣ ትከሻውም ይነሳል

ምልክቱ በዓይን የሚታይ ነው። ልጁ ሙሉ መጠን ያለውን ጊታር ታቅፎ ሲቀመጥ ቀኝ ትከሻው ወደ ጆሮው ይጠጋል፣ ግራ ክንዱ እስከ መጨረሻው ይዘረጋል፣ ትንሿ ጣቱ ወደ ክሩ ስትዘረጋ ደግሞ ቀደም ብለው የተጫኑት ጣቶች ካረፉበት ይነሳሉ። በዚህ ጊዜ የሚወጣው ድምፅ የታፈነ ወይም የሚያንዛርር ይሆናል፤ ልጁም የተሳሳተው እሱ ይመስለዋል።

ምክንያቱ የክሩ ርዝመት ነው። በሙሉ ጊታር ላይ ክሩ ከአንገቱ ጫፍ ካለችው ነጭ ዘንግ አንሥቶ ሆዱ ላይ እስካለው ማረፊያ ድረስ 65 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። የፍሬቶቹ፣ ማለትም በአንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች፣ ርቀት በዚህ ርዝመት ስለሚወሰን፣ ከመጀመሪያው እስከ አራተኛው ፍሬት ያለው ስፋት ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ገበያ ላይ «ሦስት አራተኛ» በሚባለውና ክሩ 58 ሴንቲ ሜትር በሚሆነው ጊታር ይኸው ስፋት ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ «ግማሽ» በሚባለውና 53 ሴንቲ ሜትር ግድም በሆነው ላይ ደግሞ 8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የአንዲት ሴንቲ ሜትር ልዩነት ለአዋቂ ምንም አይደለችም፣ ለስምንት ዓመት ልጅ ግን መጫወትንና አለመጫወትን የምትለይ ናት።

ይህን መሣሪያ ሳይገዙ ቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል። በወረቀት ላይ ቀጥ ያለ መስመር ተሰምሮ በአንዱ ጫፍ ነጥብ ይደረግና ከእሱ 8፣ 9 እና 10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሌሎች ሦስት ነጥቦች ይቀመጣሉ። ልጁ የግራ እጁን አመልካች ጣት ጫፍ በመጀመሪያው ነጥብ ላይ ያሳርፋል፤ ከዚያም ጣቶቹን ቀስት አድርጎ አጥፎ፣ ትንሿን ጣት ወደ ሌሎቹ ነጥቦች ተራ በተራ ይዘረጋል፣ ሁለቱ መካከለኛ ጣቶችም በመስመሩ ላይ ይቆማሉ። የእጁ አንጓ ሳይጣመምና ጣቶቹ ቀጥ ብለው ሳይገተሩ የሚደርስበት የመጨረሻው ነጥብ የሚገዛለትን ጊታር ያመለክታል። ብዙ ወላጆች የሚያደርጉት ስንዝርን መለካት እዚህ ላይ ያሳስታል፤ ስንዝር አውራ ጣትን ይጨምራል፣ በጊታር ላይ ግን አውራ ጣት ከአንገቱ በስተጀርባ ስለምትሆን ከዝርጋታው አትቆጠርም።

ዕድሜ መነሻ እንጂ መወሰኛ አይደለም። በአብዛኛው ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት ላለ ልጅ ግማሹ፣ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ላለ ሦስት አራተኛው፣ ከአሥራ ሁለት ጀምሮ ደግሞ ሙሉው ይስማማል፤ ነገር ግን እኩያ የሆኑ ሁለት ልጆች እጅ በጣም ሊለያይ ስለሚችል ወረቀቱ ከዕድሜው ይልቅ ይታመናል። በተለጣፊው ላይ በተጻፈው ቁጥርም ብቻ መተማመን አይገባም፤ ሠሪዎቹ መጠኑን በተለያየ መንገድ ስለሚሰይሙት ሁለት «ሦስት አራተኛ» ጊታሮች እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። ፒያሳ ካሉት ሱቆች ወደ አንዱ ሲሄዱ የልብስ ሰፊ ሜትር ይያዙ፤ ከነጭዋ ዘንግ እስከ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ያለውን ለክቶ በሁለት ማባዛት የክሩን ርዝመት ይሰጣል።

ጊታሩ አስቀድሞ ከተገዛ ወይም ከዘመድ በስጦታ ከመጣስ? ማራኪ አካባቢ የምትኖር አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅን ጉዳይ ልጥቀስ። አክስቷ ከአዲስ አበባ የላከችላት ሙሉ መጠን ያለውና የብረት ክር የተወጠረበት ጊታር ነበር፤ በወረቀቱ ፈተና ግን ልጅቷ 9 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለ ችግር ስትደርስ 10ሩ ላይ አንጓዋ ይጣመም ነበር። ቤተሰቡ ወዲያው ሌላ ለመግዛት አቅም ስላልነበረው ካፖ፣ ማለትም ክሮቹን በአንገቱ ላይ ጨብጦ የሚይዘው መቆንጠጫ፣ በሁለተኛው ፍሬት ላይ ተደረገላት። ካፖ በዚያ ቦታ ሲያዝ የክሩ ርዝመት ከ65 ወደ 58 ሴንቲ ሜትር ይቀንሳል፤ ይህም ልክ የሦስት አራተኛውን ያህል ነው። ድምፁ በዚያው መጠን ወደ ላይ እንዳይወጣ ስድስቱም ክሮች በአንድ ሙሉ ድምፅ፣ ማለትም በሁለት ፍሬት ያህል፣ ዝቅ ተደርገው ተቃኙ፤ በዚህም የክሩ ውጥረት በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚቀንስ ክሩ ለጣት ለስላሳ ሆነ። ቀጭን ክር ሲተካበትም ልጅቷ የተቸገረችበትን ኮርድ፣ ማለትም በአንድነት የሚሰሙ ድምፆችን፣ ጣቶቿ ሳይነሱ መያዝ ቻለች።

ይህ መፍትሄ ወሰን አለው። ካፖ አንገቱን እንጂ የጊታሩን ሆድ አያሳንስም፤ ቀኝ ትከሻዋ አሁንም ትንሽ ይነሳ ስለነበር ጊታሩን ወደ ግራ ጭኗ አዙራ፣ እግሯንም ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ አሳርፋ መቀመጥ ነበረባት። ክሩን ከአንድ ሙሉ ድምፅ በላይ ማላላትም አይመከርም፣ ላልቶ ከፍሬቶቹ ጋር እየተጋጨ ማንዛረር ይጀምራልና። ካፖ በዚህ ቦታ እያለ መምህሩ ፍሬቶችን መቁጠር የሚጀምረው ከካፖው ነው፤ አለበለዚያ በመጽሐፍ ላይ ያለው ሥዕልና የልጁ እጅ አይገጥሙም።

ጣቱን ያመዋል

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጣት ጫፍ ቆዳ መቅላትና መቆጥቆጥ የሚጠበቅ ነው፤ ቆዳው ሲጠነክር ይጠፋል። ሕመሙ በአንጓ፣ በአውራ ጣት ሥር ወይም በክንድ ላይ ከሆነ ግን ልምምዱ ወዲያውኑ ይቁም፤ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የመሣሪያው መጠን ወይም ክሩ ከአንገቱ እጅግ ከፍ ብሎ መወጠሩ ነው። ከፍታው በአሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ በማስመሪያ ይለካል። በናይለን ክር ጊታር ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ለልጅ ይከብዳል፣ ስለዚህ ባለሙያ ማረፊያዋን በትንሹ ሞርዶ ዝቅ ሊያደርገው ይገባል። ለጀማሪ ልጅ ከብረት ክር ይልቅ የናይለን ክር ያለው ጊታር ይመረጥ። በናይለን ክር ጊታር ላይ «ድምፁ እንዲጎላ» በሚል የብረት ክር ማሰር ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ውጥረቱ ከአቅሙ በላይ ስለሚሆን ማረፊያውን ከሆዱ ሊያላቅቀው ይችላል።

ክራር ላይ የማይፈለገው ክር አብሮ ይጮኻል

ክራር ለትንሽ እጅ ከጊታር የሚመችበት ትልቅ ምክንያት አለ፤ ክሩ በእንጨት ላይ አይጫንም፣ ስለዚህ የክሩ ርዝመት ጣትን አያስቸግርም። የሚያስቸግረው በክሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ልጁ በቀኝ እጁ ሲመታ የግራ እጁ ጣቶች ከበስተጀርባ ሆነው የማይፈለጉትን ክሮች ማፈን አለባቸው፤ አንዱ ጣት ከክሩ ከራቀ ያ ክር አብሮ ይጮኻል፣ ዜማውም ይደበላለቃል።

ክሮቹ ከታች ተቀራርበው ተነሥተው ወደ ላይኛው ቀንበር እየተራራቁ ስለሚሄዱ፣ የመጀመሪያው መፍትሄ ምንም ወጪ የለውም፤ የልጁን ግራ እጅ ከቀንበሩ ወደ ታች ማውረድ ብቻ ነው። ክሮቹ በጨርቅ ተጠምጥመው በቀንበሩ ላይ የታሰሩ ከሆነ እያንዳንዱን ጥምጥም ትንሽ ወደ መካከል ገፍቶ ማቀራረብ ይቻላል። በመዘውር የሚቃኘው ዘመናዊው ክራር ግን ቦታው የተቆረጠ ስለሆነ ይህን አይፈቅድም፤ ስለዚህ ለልጅ ሲገዙ የሠሪውን ሰው ክሮቹን አቀራርቦ እንዲያስር መጠየቅ ጥሩ ነው። ከዚህ ሌላ ልጁ ክራሩ እንዳይወድቅ በግራ እጁ ደግፎ ከያዘው ጣቶቹ ነፃ አይሆኑም፤ ሸክሙን የሚይዝ ጠፍር ሲታሰርለት ጣቶቹ ይፈታሉ።

በጎንደር ክረምት ሌላ የሚያሳስት ነገር አለ። እርጥበት የክራሩንና የማሲንቆውን ቆዳ ስለሚያላላው ድምፁ ይደፈናል፣ ቅኝቱም ይወርዳል፤ ልጁ ትናንት የሚያውቀው ዛሬ የጠፋበት ሊመስል ይችላል። መሣሪያውን ከመሬትና ከግድግዳ አርቆ ደረቅ ቦታ ማኖርና ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት መቃኘት ያስፈልጋል። እሳት አጠገብ ማድረቅ ግን ቆዳውን ሊሰነጥቀው ስለሚችል ይቅር።

ዋሽንቱ ትንፋሽ ብቻ ያሰማል

እዚህ ላይ ምክንያቱ ሁለት ሊሆን ስለሚችል መለየት ይገባል። ልጁ አራቱንም ቀዳዳዎች ክፍት ትቶ ይንፋ። ድምፅ ከወጣ አነፋፉ ደህና ነው፣ ችግሩ ያለው ከጣቶቹ ነው፤ ካልወጣ ግን ጣት ገና አልተፈተነም፣ ልጁ አስቀድሞ የከንፈሩን አቀማመጥ ይለማመድ። ጣቶቹን ለመፈተን ቀዳዳዎቹን ሁሉ ደፍኖ ጫን አድርጎ ይያዝና እጁን ይገልብጥ። በጣቱ ሥጋ ላይ ሙሉ ክብ ምልክት ከታተመ ቀዳዳው ተደፍኗል፤ ክቡ በአንድ ወገን ከተቆረጠ ግን አየር በዚያ በኩል ያመልጣል። መፍትሄው አጠር ያለና ቀዳዳዎቹ የተቀራረቡ ዋሽንት መውሰድ ነው፤ ድምፁ ቀጠን ይላል እንጂ ትምህርቱ ያው ነው። የፊት የወተት ጥርሶቹ ገና የወለቁ የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ልጅ አየሩን ለመምራት ስለሚቸገር አዲሶቹ እስኪወጡ መጠበቅ ወይም በሌላ መሣሪያ መጀመር ይሻላል።

ከስድስት ዓመት በታች ሲሆን

ለዚህ ዕድሜ ኦርጋን ይቀላል፤ ድምፁ አስቀድሞ የተቃኘ ነው፣ ቁልፉም በትንሽ ኃይል ይጫናል። አምስት ጣቶች በአምስት ተከታታይ ነጭ ቁልፎች ላይ ማረፍ ከቻሉ ለመጀመር በቂ ነው፤ እጁ ስምንት ቁልፍ እስኪዘረጋ መጠበቅ አያስፈልግም። የሚያሳስተው ለልጅ ተብሎ የሚሸጠው ትናንሽ ቁልፍ ያለው ኦርጋን ነው፤ እጁ በጠባቡ ስለሚለምድ ወደ መደበኛው ሲሸጋገር ርቀቱን እንደገና መማር ይኖርበታል። በመደበኛው ኦርጋን ከአንድ «ዶ» ግራ ጠርዝ እስከ ቀጣዩ «ዶ» ግራ ጠርዝ ያለው ስፋት 16 ተኩል ሴንቲ ሜትር ግድም ስለሆነ ከመግዛት በፊት ይህንንም በዚያው ሜትር ይለኩ። ቤት ሲደርስም ልጁ ሲቀመጥ ክርኑ ከቁልፎቹ ጋር እኩል እንዲሆን መቀመጫውን በትራስ ከፍ ማድረግና እግሮቹ በአየር ላይ እንዳይንጠለጠሉ ከሥር ሳጥን ማስገባት ያስፈልጋል።