የመውለጃ ቀንሽን ከአልትራሳውንድ ወረቀቶችሽ ጋር እንዴት ታመሳክሪያለሽ?

ሦስት ጊዜ አልትራሳውንድ የተነሳች እናት ብዙውን ጊዜ ሦስት የተለያዩ የመውለጃ ቀኖች ይዛ ትወጣለች። አንዱ ወረቀት ጥቅምት 25፣ ሌላው ጥቅምት 21፣ የመጨረሻው ኅዳር 9 ይላል። «የቱን ልመን?» ማለቷ አይቀርም። መልሱ አጭር ነው፤ በትክክል የተለካውን የመጀመሪያውን። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ግን ስሌቱን አብረን ብንሠራው ይሻላል።

1. መጀመሪያ ከወር አበባ ቁጠሪ

እርግዝና የሚቆጠረው ካረገዝሽበት ዕለት አይደለም፤ የመጨረሻው የወር አበባሽ ከጀመረበት የመጀመሪያ ቀን ተነስቶ 280 ቀን ነው። የእኛ ወር ሁሌም 30 ቀን ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው። 9 ወር ከ10 ቀን ትጨምሪያለሽ። በመሃል ጳጉሜን ካለፈች 10 መሆኑ ቀርቶ 5 ቀን፣ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 4 ቀን ይጨመራል።

የአንዲት እናት የወር አበባ ጥር 10 ቀን 2017 ዓ.ም. መጣ እንበል። 9 ወር ሲጨመር ጥቅምት 10 ቀን 2018 ይሆናል። ጳጉሜን ስላለፈች 5 ቀን እንጨምራለን፤ ጥቅምት 15። ካርዷ ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው ይህ ነው።

ይህ ስሌት ግን የወር አበባዋ በየ28 ቀኑ እንደሚመጣና እንቁላሏም በመሃሉ፣ 14ኛው ቀን አካባቢ፣ እንደወጣ ይገምታል። ዑደቷ 38 ቀን ከሆነ ጽንሱ በአሥር ቀን ያህል ዘግይቶ ነው የተፈጠረው። የሦስት ወር መርፌ ያቆመች ሴት ዑደቷ እስኪስተካከል ወራት ሊወስድ ይችላል። የምታጠባ እናት ደግሞ የወር አበባ ሳታይ ልታረግዝ ትችላለች፤ ለእሷ የሚቆጠር ቀን ጭራሽ የለም።

2. በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ተነሺ

እስከ 13ኛው ሳምንት መጨረሻ ድረስ ጽንስ ሁሉ በተቀራራቢ ፍጥነት ያድጋል። ትልቅ ሆኖ የሚወለደውም ትንሽ ሆኖ የሚወለደውም በ10ኛው ሳምንት ቁመታቸው አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከአናቱ እስከ መቀመጫው ያለው ርዝመት ዕድሜውን ይናገራል። ወረቀቱ ላይ `CRL` የሚለው ይህ ልኬት ነው፤ ከሁሉም የታመነው እሱ ነው።

ያቺ እናት መጋቢት 29 ቀን ሄደች። በወር አበባ ቆጠራ 79 ቀን፣ ማለትም 11 ሳምንት ከ2 ቀን ሆኗታል። የጽንሱ ርዝመት ግን 30 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ ይህ 9 ሳምንት ከ6 ቀን አካባቢ ነው። ልዩነቱ 10 ቀን መጣ። በዚህ ዕድሜ (ከ9ኛው እስከ 13ኛው ሳምንት) ልዩነቱ ከ7 ቀን ካልበለጠ የወር አበባው ቀን ይጸናል፤ ከበለጠ አልትራሳውንዱ ይጸናል። ስለዚህ መውለጃዋ ወደ ጥቅምት 25 ተሻገረ። ማሽኑ `EDD` ከሚለው ጎን የሚያወጣው ቀን ብዙውን ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ኅዳር 4 ቀን 2025 ብሎ ይጽፈዋል። ያንን ኅዳር 4 የእኛ ኅዳር ነው ብለው የሚጠብቁ አሉ፤ ዘጠኝ ቀን ያሳስታል።

በጣም ቀድሞ መሄድም ችግር አለው። በ5ኛው ሳምንት የሚታየው ከረጢቱ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የልብ ምት የሚታየው ከ6ኛው ሳምንት አካባቢ ጀምሮ ነው። «ባዶ ነው» የተባለች ሴት ቆጠራዋ ተሳስቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ውሳኔ ከመወሰኑ በፊት ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ድጋሚ ይታይ ማለት መብቷ ነው። ነገር ግን በአንድ ጎን የሚበረታ የሆድ ሕመም፣ ራስን መሳት ወይም የትከሻ ጫፍ ሕመም ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ጽንሱ ከማሕፀን ውጭ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ሆስፒታል ነው።

3. ከ18ኛው እስከ 22ኛው ሳምንት፦ አካሉን ለማየት

የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ማንኛዋም ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ እንድትታይ መክሯል። በዚህ ጊዜ የአንጎሉ ቅርጽ፣ የጀርባ አጥንቱ፣ የልቡ አራት ክፍሎች፣ ኩላሊቶቹ፣ እጅና እግሩ፣ የእንግዴ ልጁም አቀማመጥ ይታያል። እንግዴ ልጁ ዝቅ ብሏል ቢሉሽ ማሕፀን ሲያድግ አብዛኛው ወደ ላይ ስለሚርቅ በ32ኛው ሳምንት አካባቢ ድጋሚ ይታያል።

የማይታየውም ብዙ ነው። መስማት፣ ማየት፣ የአእምሮ ዕድገት በአልትራሳውንድ አይለኩም። ዳውን ሲንድረም ሊያስጠረጥር የሚችል ምልክት ይታይ ይሆናል፤ ማረጋገጥም «የለም» ማለትም ግን አይቻልም። አንዳንድ የልብ ችግርም ልጁ ከተኛበት አኳኋን ወይም ከማሽኑ አቅም የተነሳ ያመልጣል። «ሁሉም ደህና ነው» ሲባል በተመለከትነው ላይ ችግር አላየንም ማለት ነው።

የእናታችን ሁለተኛ ወረቀት ጥቅምት 21 አለ፤ ልጁ በአራት ቀን ቀድሞ ታየ። ይህ የተለመደ መለዋወጥ ነው፤ ቀኑ አይነካም።

4. በመጨረሻዎቹ ወራት ቀኑን አትቀይሪ

መስከረም 13 ቀን 34 ሳምንት ሆናት። ማሽኑ ግን 32 ሳምንት ብሎ መውለጃዋን ኅዳር 9 አደረገው። ማሽኑ ቀን የሚያወጣው የጭንቅላቱን፣ የሆዱንና የጭኑን አጥንት ልኬት (`HC`፣ `AC`፣ `FL`) ይዞ «አማካይ ልጅ ይህን ያህል የሚሆነው በስንት ሳምንቱ ነው?» ብሎ ነው። ልጆች ግን ከዚህ በኋላ በየራሳቸው ነው የሚያድጉት፤ የዚህ ጊዜ ግምት እስከ ሦስት ሳምንት ሊሳሳት ይችላል።

እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ልብ የሚሰብር ነው። ቀኑን ወደ ኅዳር 9 ብንገፋው ልጁ «ለዕድሜው ልክ» ይመስላል። ጥቅምት 25ን ካጸናን ግን ለ34 ሳምንት አንሷል፤ ምግብና አየር በእንግዴ ልጁ በኩል በደንብ እየደረሰው ነው ወይ ተብሎ መጠየቅ አለበት። ስለዚህ የእንሽርት ውሃው መጠንና በእትብቱ ያለው የደም ዝውውር ይታያል፣ እንደ ግኝቱ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ይለካል። ቀን በተገፋ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይጠፋል። እንቅስቃሴው ቀንሶ ከተሰማሽ ደግሞ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሂጂ።

በዚህ ወቅት አልትራሳውንድ የሚጠቅመው የልጁ ጭንቅላት ወደ ታች መሆኑን፣ የውሃውን መጠንና የእንግዴ ልጁን ቦታ ለማወቅ ነው። ክብደቱ (`EFW`) በ10 እና በ15 በመቶ መካከል ሊሳሳት ይችላል፤ 3500 ግራም የተባለ ልጅ 3000ም 4000ም ሆኖ ሊወለድ ይችላል። ምጡ የሚጀምርበትን ቀን ግን የትኛውም ማሽን አያይም። በተሰጣቸው ቀን የሚወለዱት ከመቶ አራት ወይም አምስት ብቻ ናቸው፤ አብዛኞቹ ልጆች ከ37ኛው እስከ 42ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይመጣሉ።

5. የመጀመሪያውን ወረቀት ያዢ

ክሊኒክ ብትቀይሪም፣ ለወሊድ ወደ ወላጆችሽ አገር ብትሄጂም የመጀመሪያው አልትራሳውንድ ወረቀት ከእጅሽ አይውጣ። አዋላጇ አዲሱን ወረቀት አይታ ቀን ልትቀይር ስትል «የመጀመሪያው የተነሳሁት በ10 ሳምንቴ ነው፤ ርዝመቱም ይኸው» በያት። ካርድሽም ላይ «ጥቅምት 25፣ በመጀመሪያው አልትራሳውንድ» ተብሎ እንዲጻፍ ጠይቂ።