ሰልፊን ከስቱዲዮ ፎቶ ጋር እንዴት እናዋህዳለን?

አባት አዲስ አበባ ስቱዲዮ ገብተው በ85 ሚሊሜትር ሌንስ ተነስተዋል። ልጅ ደግሞ ከዱባይ ሰልፊ ልካለች። «ጎን ለጎን አድርጉልን» የሚል ሥራ ለፎቶ ቤት የተለመደ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሥራው የሚበላሸው በአቆራረጥ ሳይሆን በልጅቷ ፊት ቅርጽ ነው።

በሰልፊ ጊዜ ስልኩ ከአፍንጫ 30 ሴንቲሜትር ያህል ይርቃል። ጆሮ ደግሞ ከአፍንጫ ጫፍ 12 ሴንቲሜትር ገደማ ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ አፍንጫ ከጆሮ ጋር ሲነጻጸር 40 በመቶ ያህል ይጎላል። ከአንድ ሜትር ተኩል ቢነሳ ግን ልዩነቱ 8 በመቶ ብቻ ነው። ችግሩ የርቀት ስለሆነ የፎቶሾፕ Lens Correction አይፈታውም። እሱ የሚያስተካክለው ሌንሱ ያጎበጠውን መስመር ነው።

መጀመሪያ ሌላ ፎቶ ጠይቁ። «ሰው ያንሳሽ፤ ሁለት ሜትር ይራቅ፤ በኋላ ካሜራ 2x አድርጎ ስልኩን በዓይንሽ ትክክል ይያዝ፤ በቴሌግራም በፋይል ላኪው» በሏት። እኔ ይህን ሳልሞክር ቅርጽ የሚስበውን Liquify አልከፍትም።

ካልተገኘ የአባትን ፎቶ መነሻ አድርጉ። ሰልፊውን ቆርጣችሁ ወደ Smart Object ቀይሩት። እንደ መስታወት የተገለበጠ ከሆነም መልሱት።

አሁን ከባዱ ክፍል መጣ። ብዙ ሰው Liquify ከፍቶ ቀጥታ አፍንጫ ማሳነስ ይጀምራል። እንደዚያ ሲሆን አፍንጫው ይቀጥናል፣ ፊቱ ግን ጠባብ እንደሆነ ይቀራል። ልጅቷም ሌላ ሰው ትመስላለች። ከጠርዝ ጀምሩ። በ Forward Warp ትልቅ ብሩሽ ይዛችሁ ጆሮንና የጉንጭን ጠርዝ በትንሽ በትንሹ ወደ ውጭ ሳቡ። ፊቱ ሲሰፋ አፍንጫው ሳይነካ ያነሰ ይመስላል። የቀረውን በ Nose Width ቀንሱ። የት ማቆም እንዳለባችሁ ለማወቅ ከሩቅ የተነሳችውን አንድ የቆየ ፎቶ ጎን ለጎን ክፈቱ።

መጠኑን በጭንቅላት ቁመት አትለኩ፤ ፀጉር ያሳስታል። ሁለቱም ፊት ለፊት የሚያዩ ከሆነ የዓይን ብሌኖቻቸው መካከል ያለውን ርቀት አቀራርቡ። ይህን ስታደርጉ ትከሻዋ የሕፃን ያህል ጠቦ ታገኙታላችሁ። ትከሻ ከስልኩ ይበልጥ ስለሚርቅ ነው። ከአንገት በታች ያለውን በሌላ ሌየር ለዩና ሩብ ያህል አሳድጉት። ስልኩን የያዘው ክንድ በፍሬሙ ጠርዝ ይቆረጥ። መጋጠሚያውን ነጠላዋ ወይም ኮሌታዋ ይሸፍነዋል።

ከላይ ወደ ታች የተነሳ ሰልፊ ግን አትቀበሉ። ግንባሩ ገንኖ አገጩ ስለሚጠፋ በመሳብ አይድንም። ጆሮ ሙሉ በሙሉ ከጉንጭ ጀርባ ከተደበቀም ከሌላ ፎቶዋ ካልተወሰደ በስተቀር መፍትሔ የለውም።

በመጨረሻ የአባትን ጆሮ አጉልታችሁ እዩ። በሌንሱ ምክንያት ትንሽ ደብዝዟል። የልጅቷ ጆሮና ትከሻ ግን በሰልፊው ውስጥ ጥርት ብሎ ይታያል። ፊቷን ሳትነኩ እነሱን ብቻ በ Gaussian Blur ከአባቷ ጆሮ ጋር እስኪመሳሰሉ አደብዝዙ።